የወፍጮው ሞተር 15 ይጠይቃል፤ ቆጣሪው 12 ይቈጥራል
ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ሦስት ማዕዘን በራዲዮ የተሰጠ ንግግር



በኮምቦልቻ ከተማ እህል የሚፈጭ አንድ ወፍጮ ቤት አለ እንበል። የወፍጮው ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ የሚያመጡለት ሦስት ሽቦዎች ናቸው ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወፍጮው ጤፍ በሚፈጭበት ሰዓት መጥቶ ሲለካ፣ በእያንዳንዱ ሽቦና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት ያገኛል። በእያንዳንዱ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈውም ኮረንቲ 22.7 አምፔር ሆነ። 220ን በ22.7፣ የተገኘውንም በ3 ቢያባዛ 15,000 ያህል ይሆንለታል፤ ይህም 15 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ቆጣሪው ዘወር ብሎ በሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ቢጠብቅ፣ ቆጣሪው የጨመረው 2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በ10 ደቂቃ 2 ከሆነ በ60 ደቂቃ 12 ይሆናል፤ ስለዚህ ወፍጮው የሚወስደው ኃይል 12 ኪሎዋት ነው።

እንግዲህ በአንድ ወፍጮ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሁለት ቁጥር ተገኘ። ባለ ወፍጮው «ቆጣሪው ተበላሽቶ አሳንሶ ይቈጥርልኛል» ብሎ በልቡ ደስ ይለው ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ደግሞ «3ቱ ኪሎ በመንገድ ጠፋ፤ ምናልባትም ተሰረቀ» ብሎ ይጠረጥር ይሆናል። ሁለቱም ግን አልተሳካላቸውም። ቆጣሪው ልክ ነው፤ አምፔር መለኪያውም ልክ ነው፤ የተሰረቀም የለም። ከዚህም በላይ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የተሰወረው ነገር መጠኑ 3 ሳይሆን 9 ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን በዛሬው ንግግራችን በእርሳስና በወረቀት እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ወደ ቤታችንና ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አለመሆኑን እናስታውስ። በአገራችን ኮረንቲው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አንዱ ሙሉ ምልልስ የሚፈጀው ጊዜ የሴኮንድ ሺህኛ 20 እጅ ነው። ቮልቱ ከዜሮ ተነሥቶ ከፍ ይላል፤ ይወርዳል፤ ከዜሮ በታች አልፎ ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል፤ እንደገናም ይመለሳል። ኮረንቲውም እንዲሁ ያደርጋል። ጥያቄው ሁለቱ እኩል ይራመዳሉ ወይስ አንዱ ወደ ኋላ ይቀራል የሚለው ነው።

በእንጀራ ምጣድ ላይ እኩል ይራመዳሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በውስጡ ያለው የሚግል ሽቦ ብቻ ስለሆነ፣ ቮልቱ ከፍ ሲል ኮረንቲው በዚያው ቅጽበት ከፍ ይላል፤ ቮልቱ ሲወርድም አብሮት ይወርዳል። የተቀበለውን ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ ለላኪው የሚመልሰው ነገር የለውም።

ሞተር ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። የወፍጮው ሞተር እንዲዞር አስቀድሞ በብረቱ ውስጥ የማግኔት ኃይል መፈጠር አለበት። ይህም ማግኔት ከኮረንቲው ጋር ይወለዳል፤ ከኮረንቲውም ጋር ይጠፋል። ሲወለድ ከመሥመሩ ጉልበት ይበደራል፤ ሲጠፋ ያንኑ ጉልበት ለመሥመሩ መልሶ ይሰጣል። በዚህ ብድርና ክፍያ ምክንያት ኮረንቲው ከቮልቱ ወደ ኋላ ይቀራል። በያዝነው ምሳሌ መዘግየቱ የሴኮንድ ሺህኛ 2 እጅ ያህል ነው። ቮልቱ በአንድ ወገን የሚቆይበት ጊዜ የሴኮንድ ሺህኛ 10 እጅ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ሽቦ ከእነዚህ 10 እጆች በ8ቱ ጉልበት ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ በ2ቱ ግን ከሞተሩ ወደ መሥመሩ ይመለሳል ማለት ነው።

አሁን ሦስቱን የኃይል ዓይነቶች በየስማቸው ለመጥራት እንችላለን።

አንደኛው እውነተኛ ኃይል ይባላል። ጤፉን የሚፈጨው፣ ጥቂቱም ሞተሩን የሚያሞቀው ይህ ነው፤ ሄዶ አይመለስም። በኪሎዋት ይለካል፤ በተለመደው ምልክት P ተብሎ ይጻፋል። ቆጣሪው የሚቈጥረውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ተመላላሽ ኃይል ወይም ሪአክቲቭ የሚባለው ነው። ማግኔቱን ለመፍጠር ሄዶ የሚመለስ፣ በሽቦው ውስጥ ቦታ የሚይዝ፣ ነገር ግን አንዲት ፍሬ ጤፍ የማይፈጭ ነው። በኪሎቫር ይለካል፤ ምልክቱም Q ነው። ሦስተኛው የሚታይ ኃይል ይባላል። ቮልቱን በአምፔሩ ብቻ በማባዛት የሚገኘው፣ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ በእርግጥ የሚሸከሙት ጭነት ነው። በኪሎቮልት አምፔር ይለካል፤ ምልክቱም S ነው። እንግዲህ ሠራተኛው ያገኘው 15 የሚታየው ኃይል፣ ቆጣሪው የነገረው 12 ደግሞ እውነተኛው ኃይል ነበር።

ተመላላሹን ኃይል ለማግኘት ከ15 ላይ 12 መቀነስ አይበቃም ብለናል። ምክንያቱ ይህ ነው። የሚዘገየውን ኮረንቲ በሁለት ክፍል ልናየው እንችላለን፤ አንዱ ክፍል ከቮልቱ ጋር እኩል የሚራመድ ነው፤ ሌላው ክፍል ከቮልቱ በሩብ ምልልስ ማለትም በሴኮንድ ሺህኛ 5 እጅ የሚዘገይ ነው። አንድን ሙሉ ምልልስ እንደ አንድ ሙሉ ክብ ብንቈጥረው 360 ዲግሪ ነው፤ ሩቡ 90 ዲግሪ ይሆናል። 90 ዲግሪም የግድግዳ ማዕዘን የሚያህል ቀጥተኛ ማዕዘን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ መሥመር ተቀጣጥለው የሚደመሩ ሳይሆኑ፣ በቀጥተኛ ማዕዘን የሚገናኙ ሁለት ጎኖች ናቸው። የሚታየው ኃይል የሁለቱን ጫፍ የሚያያይዘው አግድም መሥመር ነው። በትምህርት ቤት ስለ ቀጥተኛ ሦስት ማዕዘን የተማርነው ደንብ በሙሉ እዚህ ላይ ይሠራል።

S² = P² + Q²

ሥዕሉን ለመሥራት ማስመሪያ፣ ኮምፓስና አንድ ወረቀት ይበቃል። አንዱ ሴንቲሜትር አንድ ኪሎ ይሁን። በወረቀቱ ግርጌ ከግራ ወደ ቀኝ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጥ ያለ መሥመር አስምሩ፤ ይህ እውነተኛው ኃይል ነው። በመሥመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጥተኛ መሥመር አቁሙ፤ ርዝመቱ ገና ስላልታወቀ እንዳሻችሁ ይርዘም። ቀጥሎም ኮምፓሱን 15 ሴንቲሜትር ከፍታችሁ፣ መርፌውን በግርጌው መሥመር ግራ ጫፍ ላይ ተክላችሁ፣ የቆመውን መሥመር ቁረጡት። የተቈረጠበትን ነጥብ ከግራው ጫፍ ጋር ብታያይዙት ሦስት ማዕዘኑ ተፈጸመ። አሁን የቆመውን ጎን ብትለኩት 9 ሴንቲሜትር ታገኛላችሁ። የወፍጮው ተመላላሽ ኃይል 9 ኪሎቫር ነው። በሒሳብም ቢሆን 12 በ12 ሲባዛ 144፣ 9 በ9 ሲባዛ 81፣ ድምሩ 225 ይሆናል፤ ይህም 15 በ15 ነው።

በግራው ጫፍ ያለውን ማዕዘን ብትለኩት 37 ዲግሪ ያህል ነው። የኮረንቲውን መዘግየት የሚያሳየው ይህ ማዕዘን ነው። ከ360 ዲግሪ ውስጥ 37 ዲግሪ ማለት፣ ከሴኮንድ ሺህኛ 20 እጅ ውስጥ ያው ያልነው 2 እጅ ነው። 12ን ለ15 ብናካፍል 0.8 እናገኛለን፤ ይህ ቁጥር የኃይል ፋክተር ይባላል። ማዕዘኑ እየጠበበ በሄደ መጠን የኃይል ፋክተሩ ወደ 1 ይቀርባል።

አንባቢ ሆይ፤ «ተመላላሹ ኃይል የሚመለስ ከሆነ ጉዳቱ ምንድን ነው?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱ በሽቦው ሙቀት ውስጥ ይገኛል። ሽቦ የሚሞቀው በሚያልፍበት ኮረንቲ መጠን ነው እንጂ፣ ኮረንቲው ለፍሬ ይሂድ ወይም ተመልሶ ይምጣ ለይቶ አያውቅም። በትራንስፎርመር ላይ የሚጻፈው መጠን በኪሎዋት ሳይሆን በኪሎቮልት አምፔር የሆነውም ስለዚሁ ነው። 100 ኪሎቮልት አምፔር የሚል ትራንስፎርመር ሁሉም ጭነቱ እንደ ወፍጯችን በ0.8 የሚሠራ ከሆነ፣ 80 ኪሎዋት ብቻ አድርሶ አቅሙ ያልቃል። የቀረው ቦታ በምልልስ ተይዟል። ተጨማሪ ሞተር ሲነሣ የሠፈሩ መብራት የሚፈዘውም አንዱ ምክንያት ይኸው የተጨናነቀ መሥመር ነው።

ይህ ነገር በደሴ ከኮምቦልቻ ይልቅ ይከብዳል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የሞተርና የትራንስፎርመር መጠን የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲያገለግል ተደርጎ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን አንሥቶ ለመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። የደሴ አየር በርግጥ ከቈላው የቀዘቀዘ ስለሆነ ጥቂት ይክሳል። ይሁን እንጂ ለደጋ ከተማ ተብሎ በልዩ ያልተሠራ ዕቃ የሚሸከመው ጭነት በከፍታው ልክ መታሰብ ስለሚገባው፣ ያለ ፍሬ የሚመላለስ ኮረንቲ የሚይዘው ቦታ በዚያ ይበልጥ ውድ ነው።

አሁን ደግሞ ሞተሩ ባዶውን ሲዞር እንየው። ጤፉ አልቆ፣ ባለ ወፍጮው ሌላ ጆንያ እስኪመጣ ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀምጧል እንበል። ቆጣሪው በጣም ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ሲሰላ 1 ኪሎዋት ብቻ ነው። ማግኔቱ ግን እህል ኖረም አልኖረም መፈጠር ስላለበት፣ ተመላላሹ ኃይል 6 ኪሎቫር ያህል ሆኖ ይቆያል። ይህን ብትሥሉት መሠረቱ 1 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 6 ሴንቲሜትር የሆነ፣ እንደ መሰላል የቆመ ሦስት ማዕዘን ይወጣችኋል። አግድሙ መሥመር 6.1 ያህል ነው፤ አምፔር መለኪያውም በያንዳንዱ ሽቦ 9.2 አምፔር ያሳያል። ምንም ሳይፈጭ፣ በሙሉ ሥራ ላይ ከሚወስደው ኮረንቲ አምስት እጅ ሁለቱን ወሰደ ማለት ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ሞተር ገዝቶ የተከለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ወደዚህ በተጠጋ ሥዕል ነው። ምልክቱም አምፔር መለኪያው ብዙ ሲያሳይ ቆጣሪው ጥቂት መቍጠሩ ነው።

መድኃኒቱ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ነው። ካፓሲተርም እንደ ሞተሩ ጉልበት ይበደራል፤ ይመልሳልም። ነገር ግን ጊዜው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሞተሩ በሚበደርበት ሰዓት እርሱ ይመልሳል፤ ሞተሩ በሚመልስበት ሰዓት እርሱ ይበደራል። ስለዚህ በሞተሩ አጠገብ ቢተከል ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይበዳደራሉ፤ ያ ሁሉ ምልልስ እስከ ትራንስፎርመሩና ከዚያም በላይ መሄዱ ይቀራል። ለኮምቦልቻ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ረጅም መንገድ ተጕዞ ስለሚመጣ፣ ተመላላሹን ኃይል ከዚያው ከሚፈለግበት ቦታ ማግኘት ይሻላል።

5 ኪሎቫር የሆነ ካፓሲተር ብንተክል ሥዕሉ እንዴት ይለወጣል? ከሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ተነሥታችሁ በቆመው ጎን 5 ሴንቲሜትር ወደ ታች ውረዱ፤ የቀረው 4 ሴንቲሜትር ነው። ይህን አዲስ ነጥብ ከግራው ጫፍ ጋር አያይዙ። አዲሱ አግድም መሥመር 12.65 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ማዕዘኑም ከ37 ወደ 18 ዲግሪ ያህል ይጠብባል። የኃይል ፋክተሩ 0.95 ሆነ። በእያንዳንዱ ሽቦ ያለው ኮረንቲ ከ22.7 ወደ 19.2 አምፔር ወረደ። በሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው በኮረንቲው ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ይህ ወፍጮ ብቻውን በሚጠቀምበት መሥመር ብክነቱ ከመቶ 29 እጅ ያህል ይቀንሳል።

ግርጌው ግን ያው 12 ሴንቲሜትር መሆኑን ልብ በሉ። ጤፉን የሚፈጨው ኃይል አልተቀነሰም፤ ስለዚህ ኪሎዋት ሰዓት የሚቈጥረው ቆጣሪ ከቀድሞው ብዙም አይለይም። ከካፓሲተሩ እስከ ሞተሩ ባለችው አጭር ሽቦም ቢሆን ኮረንቲው ያው 22.7 ነው። ጥቅሙ ከካፓሲተሩ ወደ ላይ ባለው መሥመርና ትራንስፎርመር ላይ ነው፤ በገንዘብም የሚገኘው ውሉ ተመላላሹን ኃይል ወይም የኃይል ፋክተሩን በሚያስከፍል ትልቅ ደንበኛ ዘንድ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው «ይህን ሣጥን ከግድግዳህ ሶኬት ላይ ብትሰካው የቤትህ ሒሳብ በግማሽ ይወርዳል» ብሎ ለመሸጥ ቢመጣ፣ ሦስት ማዕዘኑን አስታውሱት። የቤት ቆጣሪ የሚቈጥረው ግርጌውን ነው፤ ሣጥኑ ግን ቢነካ የሚነካው የቆመውን ጎን ነው። ምጣድማ ከመጀመሪያውም የቆመ ጎን የለውም ማለት ይቻላል።

«እንግዲያውስ ለምን 9 ኪሎቫር ተክለን ሁሉን አናጠፋውም?» የሚል ቢኖር፣ በሥዕሉ ላይ መልካም ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን አደጋ አለው። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር የሚፈልገው 6 ብቻ መሆኑን አይተናል። 9 ከተተከለ 3 ይተርፋል፤ ኮረንቲውም ከቮልቱ ይቀድማል፤ ሦስት ማዕዘኑም ከግርጌው መሥመር በታች ይገለበጣል። ከዚህ የሚብሰው፣ ካፓሲተሩ ከሞተሩ ጋር በአንድ ማብሪያ የታሰረ እንደሆነ፣ መብራት በድንገት ሲቋረጥ ሞተሩ ገና እየዞረ ሳለ ከካፓሲተሩ ማግኔቱን እየተቀበለ እንደ ጄኔሬተር ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ በጫፎቹ ላይ የሚነሣው ቮልት ከልክ አልፎ ሞተሩንም ካፓሲተሩንም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከሞተር ጋር የሚታሰር ካፓሲተር፣ ሞተሩ ባዶውን ከሚፈልገው እንዲያንስ ይደረጋል። 5 ከ6 ያንሳልና ምርጫችን ትክክል ነበር። ካፓሲተር ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ጉልበት ይዞ ስለሚቆይ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ አራግፎና ለክቶ ካላረጋገጠ በቀር ማንም እንዳይነካው ያስፈልጋል።

ብዙ ጭነት በአንድነት በሚታሰብበት ጊዜ የሚደረገውን ስሕተት ደግሞ እናሳይ። ካፓሲተር ያልተተከለለት ወፍጯችን በሚገኝበት ሠፈር፣ በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ አንድ አንድ ምጣድ፣ እያንዳንዱም 3 ኪሎዋት የሆነ፣ በአንድ ሰዓት ቢበራ ሦስቱ 9 ኪሎዋት ይወስዳሉ። አንድ ጸሐፊ 15ን ከ9 ጋር ደምሮ 24 ኪሎቮልት አምፔር ብሎ ቢጽፍ ልክ አይደለም። ግርጌ ከግርጌ ጋር፣ ቁመት ከቁመት ጋር ይደመራል። ግርጌው 12ና 9 ተደምሮ 21 ነው፤ ቁመቱ ምጣዱ የሚጨምርበት ስለሌለው ያው 9 ነው። ከ21ና ከ9 የሚገኘው አግድም መሥመር 22.8 ያህል ይሆናል። ለአንድ ወፍጮ ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም፣ ለአንድ ሠፈር የትራንስፎርመር ጥያቄ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ከጭነቱ ጋር ያድጋል።

በመጨረሻም ይህ ሥዕል የሚያገለግልበትን ወሰን እናመልክት። ሦስት ማዕዘኑ ትክክል የሚሆነው ቮልቱና ኮረንቲው እንደ ለስላሳ ማዕበል ሲወጡና ሲወርዱ ነው። ዛሬ ግን፣ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰለ ቦታ በሚገኝ የልብስ ስፌት ሥራም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ባለው ኮምፒዩተር፣ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በብዛት ይሠራል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ኮረንቲውን ሳያስለሰልስ በቁርጥራጭ የሚስብበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የሚታየው ኃይል ከሁለቱ ጎኖች ከሚገኘው ይበልጣል፤ ትርፉም የማዕበሉ መጣመም ነው። ይህን ካፓሲተር አያድነውም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ያባብሰዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ካፓሲተር ከመታዘዙ በፊት የማዕበሉን ቅርጽ በሚያሳይ መሣሪያ መለካት ይገባል።

እንግዲህ የወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የሌላ ሞተር ጉዳይ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ ከቮልቱ፣ ከአምፔሩና ከቆጣሪው የተገኙትን ቁጥሮች ጠይቁ፤ ሁለቱን ጎን ካወቃችሁ ሦስተኛውን ኮምፓሱ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ 15ና 12 የተጣሉ ሁለት ምስክሮች መሆናቸው ይቀርና፣ የአንድ ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች ሆነው ይታያሉ።